ቅጽ 28 ሲመጣ፦ የቀሚሱ ጨርቅና ኢንቮይስ ላይ ያልገባው ቀብድ

ጥያቄ፦ «ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ፤ ቀሚሶቹን የማሠራው ሽሮ ሜዳ ነው። የዛሬ ዓመት ተኩል ስላስገባኋቸው 400 ቀሚሶች ከአሜሪካ ጉምሩክ ቅጽ 28 የሚል ደብዳቤ መጣልኝ። ጨርቁ ምንድን ነው፣ በጠቅላላው ስንት ከፈልሽ ይላል። ኢንቮይሱ 16,000 ዶላር ነው፤ ቀብድ 4,000 ግን ለብቻው ልኬ ነበር፣ ለ250ዎቹ ሽፎኑንም ከዱባይ ገዝቼ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሁሉም ጥጥ ተብሎ ነው የገባው። አሁን ደግሞ ለፋሲካ ያዘዝኩት ዕቃ ተያዘብኝ። ሰፊው አዲስ ኢንቮይስ ልጻፍልሽ ይለኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ከሁሉም በፊት ሰፊውን ዛሬውኑ ይደውሉለትና አዲስ ኢንቮይስ እንዳይጽፍ ይንገሩት። እስካሁን በእጅዎ ያለው ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ በገንዘብ ይታረማል። ዛሬ ተጽፎ የዛሬ ዓመት ተኩል ቀን የተደረገበት ወረቀት ግን ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ ጉምሩክ ፊት ከቀረበ ጉዳዩ ከቀረጥ ልዩነት ወጥቶ ማጭበርበር ይሆናል፣ በወንጀልም በእስራት ሊያስጠይቅ ይችላል። በዚህ ሥራ ስቆይ አንድ ነጋዴ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ መጥቶ አይቻለሁ። ኢንቮይሱ ላይ የታተመው የሻጩ ስልክ ቁጥር ዕቃው በተላከበት ጊዜ ገና ያልወጣ ቁጥር ነበር። ሰውየው መጀመሪያ የነበረበት ዕዳ ሁለት ሺህ ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። እርስዎ እንዲያ እንዳይሆኑ ስለምፈልግ ነው ነገሩን በዚህ የጀመርኩት።

ቅጽ 28 መረጃ መጠየቂያ ነው። ክስ አይደለም፣ ቅጣትም አልተጻፈበትም። አንድ የጉምሩክ ባለሙያ የቀሚሱን የታሪፍ ቁጥርና የተሞላውን ዋጋ አይቶ አልገጠመለትም፣ ወይም ሌላ አስመጪ ተመሳሳይ ቀሚስ በሌላ ቁጥርና በከፍ ያለ ዋጋ ማስገባቱን አይቷል ማለት ነው። መልስ ለመስጠት 30 ቀን አለዎት፤ ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ስለሆነ ፖስታው ቤት ውስጥ የቆየበት ጊዜ ከእርስዎ ላይ ይቀነሳል። መልስ ካልሰጡ ባለሙያው በእጁ ባለው መረጃ ይወስንና ቅጽ 29 ይልካል፤ እሱ ደግሞ የእርምጃ ማስታወቂያ ነው። ዝም ማለት ጊዜ የሚገዛ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሁሉም ቅጽ 29 ሲደርሳቸው ነው የሚደውሉልኝ።

አሁን ወደ ጨርቁ። የአሜሪካ ታሪፍ የሐበሻ ቀሚስ የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው በድርና ማግ የተሸመነ ጨርቅ የሴት ቀሚስ ነው፤ አርዕስቱ 6204 ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጨርቁ ከምን ተሠራ? ጥጥ ከሆነ 6204.42.30 ውስጥ ይገባል፣ ቀረጡም 8.4 በመቶ ነው። እንደ ፖሊስተር ያለ ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ 6204.43.40 ይሆንና ቀረጡ 16 በመቶ ይደርሳል። ሁለቱ ቀሚሶች አንድ ሰፊ የሰፋቸው፣ አንድ ዓይነት ጥበብ የተደረገባቸው፣ በአንድ ካርቶን የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ቀረጣቸው ግን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

በእኛ ገበያ ይህ ስህተት የሚደጋገምበት ምክንያት አለው። ቀድሞ ቀሚስ ማለት ከፈትል የተሸመነ ጥጥ ነበር፤ ዛሬ ግን ሽፎኑም፣ ከፋብሪካ የሚወጣው «መነን የሚመስለው»ም አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ኢንቮይሱ ላይ የሚጻፈው ግን እንደ ድሮው «የሐበሻ ቀሚስ» ብቻ ነው። ዲክላራሲዮኑን የሚሞላው የጉምሩክ አስተላላፊ ስልክ ደውሎ «ጥጥ ነው አይደል?» ይላል፤ «አዎ፣ የአገር ልብስ ነው» ተብሎ ይመለስለትና ጥጥ ብሎ ይሞላል። የሚያብለጨልጨውን የጥበብ ክር «ሐር» የምንለው ነገርም አለ። አብዛኛውን ጊዜ ሬዮን ወይም አክሪሊክ ነው፤ ኢንቮይሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ ግን የእውነት ሐር ሆኖ ይጻፍና ቀሚሱ ሌላ የታሪፍ መስመር ውስጥ ይገባል።

ሱቅዎ ውስጥ ከዚያ ጭነት የተረፉ ቀሚሶች ካሉ ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉ። ከውስጥ በኩል ከስፌቱ ጫፍ ሁለት ሦስት ክር መዝዘው በጉጠት ይዘው ክብሪት ያስጠጉት። ጥጥ ቶሎ ይያያዛል፣ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወውም በጣት ሲነኩት የሚበንን ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ከእሳቱ ሸሽቶ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲበርድ ጫፉ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይቀራል። ሬዮን እንደ ጥጥ ስለሚነድ በዚህ መንገድ አይለይም። ይህ ለራስዎ ማወቂያ ነው፤ ለጉምሩክ የሚቀርበው የጨርቅ ላቦራቶሪ የሚሰጠው የእያንዳንዱ ክር መጠን በክብደት በመቶኛ ነው። ጨርቁ ድብልቅ ከሆነ በክብደት የሚበልጠው ክር ቁጥሩን ይወስናል። 45 በመቶ ጥጥና 55 በመቶ ፖሊስተር ያለው ጨርቅ፣ እጅ ላይ ጥጥ ጥጥ ቢልም፣ ለታሪፉ ሰው ሠራሽ ነው። የሚታየው ደግሞ የቀሚሱ የውጭ ጨርቅ ነው። ሽፎኑ ከሥሩ የጥጥ ገበር ስላለው ጥጥ አይሆንም፤ የጥጡም ቀሚስ ጠርዙ ላይ የአክሪሊክ ጥበብ ስለዞረበት ሰው ሠራሽ አይሆንም።

በእጅ የተሠራ ነው የሚለው መከራከሪያ ብቻውን እንደማይረዳዎ ልንገርዎ፤ በእጅ መሸመኑ በራሱ ቀረጥ አያስቀርም። ድሮ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር ብሎ የሚነግርዎ ሰው ካለ ውሸት አልነገረዎትም፤ የሚያወራው አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ዕቃ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስለሰጠችበት ስለ አጎዋ ሕግ ዘመን ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ወጥታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የገባ ቀሚስ በአሮጌው ቅጂ ከቀረጥ ነፃ ተብሎ ተሞልቶ ከሆነ ያ ለብቻው ሌላ ስህተት ነው፤ የድሮ ዲክላራሲዮኖችዎን ሲያገላብጡ ይህንንም ይዩልኝ።

ዋጋው ላይ ያለው ነገር ከጨርቁ ይልቅ ሰፋ ያለ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለጉምሩክ ዋጋ ማለት ኢንቮይሱ ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። ገዢው ለዕቃው የከፈለው ወይም የሚከፍለው ገንዘብ በሙሉ ነው፤ በስንት ጊዜ፣ በየትኛው መንገድ፣ በማን እጅ እንደተከፈለ ለውጥ አያመጣም። የላኩት ቀብድ የቀሚሱ ዋጋ ነው። ሰፊው ቀብዱን ቀንሶ ቀሪውን ብቻ ኢንቮይስ ላይ መጻፉ በሽሮ ሜዳ አሠራር ያለ ነገር ነው፣ በእሱ ደብተር ላይም ሂሳቡ ትክክል ነው። እዚህ ግን 4,000 ዶላር ሳይታይ አለፈ።

ሽፎኑን ብዙዎች የሚስቱት ከዚህም በላይ ነው። «ጨርቁ የራሴ ነው፣ ከሰፊው አልገዛሁትም፣ እንዴት የዋጋው አካል ይሆናል?» ይላሉ። ሕጉ የሚያየው ግን ሰፊው ጨርቁን ራሱ ቢገዛ ኖሮ ቀሚሱን ስንት ይሸጥልዎ ነበር የሚለውን ነው። ገዢው ለአምራቹ በነፃ ወይም በቅናሽ ያቀበለው ጨርቅ፣ ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ማሽን እንኳ ቢሆን ዋጋው ተሰልቶ ይደመራል። የሚደመረውም ጨርቁ የተገዛበት ብቻ ሳይሆን እስከ ሰፊው ቤት ያደረሰበት ማጓጓዣ ጭምር ነው። ደረሰኝዎን ስላላየሁ ለምሳሌ ያህል ዱባይ ላይ 2,200 ዶላር ከፍለውበት ወደ አዲስ አበባ ለማድረስ 300 አውጥተው ነበር እንበል፤ የሚደመረው 2,500 ነው። በአንጻሩ ሜሪላንድ ቁጭ ብለው የሣሉት የቀሚስ ንድፍ አይደመርም፤ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የንድፍ ሥራ ከዚህ ውጭ ነው። ሽሮ ሜዳ እየዞረ ዕቃ የሚያሰባስብልዎ፣ የእርስዎ ሰው የሆነና ከእርስዎ የሚከፈለው ወኪል ካለም ኮሚሽኑ አይደመርም። ያው ሰው ከሰፊውም የሚቀበል ከሆነ ግን የሸመታ ወኪልነቱ ይፈርሳል።

ለእርስዎ የሚጠቅም አንድ ልዩነትም አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዕቃ አስገብተው የሚያውቁ ሰዎች ማጓጓዣና ኢንሹራንስ የቀረጥ ማስከፈያው ዋጋ ውስጥ እንደሚገባ ያውቃሉ። አሜሪካ ግን ከላኪው አገር ወደዚህ የሚመጣበትን የአውሮፕላን ወይም የመርከብ ኪራይ አያስገባም፤ ኪራዩ በእውነት የተከፈለውና ለብቻው ተለይቶ የተጻፈ መሆን አለበት። ከሱቆቻችን ብዙዎቹ ቀሚሱንና ካርጎውን በአንድ ቁጥር አድርገው ስለሚያጽፉ በካርጎው ላይ ጭምር ቀረጥ ይከፍላሉ። የእርስዎ 16,000 ውስጥ የካርጎ ክፍያ ካለ የካርጎውን ደረሰኝ ያምጡ፤ ስህተቱ ወደ እርስዎም በኩል ያለ ከሆነ አብሮ ይታረማል።

እንግዲህ እናስላው። በ16,000ው ውስጥ ካርጎ የለም፣ ቀብዱም ለ400ዎቹ ቀሚሶች እኩል ነበር፣ 150ው ንጹሕ ጥጥ፣ 250ው የፖሊስተር ሽፎን ነው እንበል። መደበኛውን ቀረጥ ብቻ ነው የማሰላው፤ ዕቃው በገባበት ቀን ሌላ ተጨማሪ ቀረጥ ይጸና ከነበረ በዚሁ የታረመ ዋጋ ላይ ይታሰባል።

በተሞላው ዲክላራሲዮን እያንዳንዱ ቀሚስ 40 ዶላር ነው፤ በ8.4 በመቶ የከፈሉት 1,344 ዶላር ይሆናል። በትክክለኛው አሠራር ቀብዱ በየቀሚሱ 10 ዶላር ይጨምራል። ስለዚህ 150ው የጥጥ ቀሚስ በ50 ዶላር 7,500 ሆኖ ቀረጡ 630 ዶላር ነው። 250ው የሽፎን ቀሚስ ላይ ከቀብዱ በተጨማሪ ያቀበሉት ጨርቅ ሌላ 10 ዶላር ስለሚያክልበት በ60 ዶላር 15,000 ይሆናል፤ በ16 በመቶ 2,400 ዶላር። ድምሩ 3,030 ነው። የጎደለው 1,686 ዶላር ነው። ከዚህ ሌላ ጉምሩክ ለማስተናገጃ የሚያስከፍለው 0.3464 በመቶ አለ፤ በእርስዎ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ሃያ ምናምን ዶላር ስለሆነ እዚህ አላስገባሁትም።

ቅጣቱ የሚለካው በዚህ በጎደለው ቀረጥ ነው፤ መጠኑን የሚወስነው ግን ስህተቱ እንዴት እንደተፈጠረ ነው። ቸልተኝነት ከተባለ እስከ ሁለት እጥፍ፣ ማለትም እስከ 3,372 ዶላር ሊደርስ ይችላል። ከባድ ቸልተኝነት ከተባለ እስከ አራት እጥፍ፣ 6,744 ዶላር። ማጭበርበር ከተባለ ጣሪያው ቀረጡን ትቶ ዕቃው እዚህ አገር የሚሸጥበትን ዋጋ ይይዛል፤ አንዱን ቀሚስ 150 ዶላር ቢሸጡ 60,000 ዶላር ማለት ነው። በሁሉም ላይ የጎደለው ቀረጥ ራሱ ይከፈላል። ሰፊው አዲስ ኢንቮይስ ልጻፍልሽ ሲልዎ ሊያሻግርዎ የነበረው ከመጀመሪያው ረድፍ ወደ መጨረሻው እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል። ቀረጥ ባይጎድልም፣ ለምሳሌ ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ቀረጥ ቢኖራቸውም፣ በቸልተኝነት የተሳሳተ መግለጫ የዕቃውን ቀረጥ ማስከፈያ ዋጋ እስከ 20 በመቶ ሊያስቀጣ ይችላል።

«የሞላው አስተላላፊዬ ነው» የሚለው መልስ የሚያድንበት ቦታ ጠባብ ነው። ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ ያለበት በስሙ የሚያስገባው ሰው ነው። ቀብዱንና የዱባዩን ጨርቅ ለአስተላላፊዎ ነግረውት ሳይሞላው ቀርቶ ከሆነ የጽሑፍ መልእክቱን ያስቀምጡ፤ ስህተቱ ከከባድ ቸልተኝነት እንዳይቆጠር ይረዳዎታል። ካልነገሩት ግን ሊያውቀው አይችልም ነበር።

የእርስዎ ትልቁ መውጫ ቀድሞ ማሳወቅ የሚባለው ነው። ጉምሩክ መደበኛ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት፣ ወይም መጀመሩን ሳያውቁ፣ ስህተቱን ራስዎ በጽሑፍ ካሳወቁና የጎደለውን ቀረጥ ከከፈሉ ማጭበርበር እስካልሆነ ድረስ ቅጣቱ ወደ ወለድ ብቻ ይወርዳል። በምሳሌያችን 1,686 ዶላሩንና ወለዱን ከፍለው ይወጣሉ ማለት ነው። ቅጽ 28 መምጣቱ ብቻውን መደበኛ ምርመራ ተጀመረ ማለት አይደለም፤ ሆኖም ባለሙያው በሌላ በኩል ፋይል ከፍቶ ሊሆን ይችላል፣ ያ ቀን በጉምሩክ መዝገብ ላይ እንጂ በእርስዎ እጅ የለም። ስለዚህ እዚህ ላይ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። የቅጽ 28ቱን መልስና የማሳወቂያውን ደብዳቤ በተመሳሳይ ቀን፣ ማሳወቂያውን ግን ለብቻው ርዕስ ሰጥተው ያስገቡ። ለቅጽ 28 «ቀብድ ነበረ» ብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር መመለስ ቀድሞ እንዳሳወቁ ላይቆጠርልዎ ይችላል።

ደብዳቤው አራት ነገር መያዝ አለበት፦ ዕቃው ምን እንደሆነ፤ የትኞቹ ዲክላራሲዮኖች እንደሆኑ በቁጥራቸው፣ ካልሆነም በወደቡና በግምት ቀኑ፤ ምኑ ተሳስቶ እንደተሞላ፣ መቼና እንዴት እንደተሳሳተ፤ ትክክለኛው ምን እንደነበር። በእጅዎ የሌለ ነገር ካለ በ30 ቀን ውስጥ አቀርባለሁ ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ላቦራቶሪው እስኪመልስ አይጠብቁ። ገንዘቡን አብረው ማስገባት ይችላሉ፣ ወይም ጉምሩክ ሂሳቡን ሠርቶ ካሳወቀዎ በ30 ቀን ውስጥ ይከፍላሉ። ማስረጃ የሚሆኑት የቀብዱ ሐዋላ ደረሰኝ፣ የዱባዩ የጨርቅ ደረሰኝ፣ የካርጎው ወረቀት፣ ከሰፊው ጋር በስልክ የተጻጻፉት ሁሉ ናቸው። ሰፊው ሊረዳዎ ከፈለገ በዛሬው ቀን፣ «የዛሬ ዓመት ተኩል ይህን ያህል ቀብድ ተቀብያለሁ፣ ይህን ያህል ሜትር ሽፎን ተረክቤያለሁ» ብሎ መግለጫ ይጻፍልዎ። እውነትን በእውነተኛ ቀኑ የሚያስረዳ ወረቀት ያግዛል።

አሁን የሚያስጨንቅዎ ጥያቄ የዚያ ጭነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ። ከዚያ በፊትና በኋላ ያስገቧቸውስ? አሠራርዎ አንድ ዓይነት ከነበረ ስህተቱም አንድ ዓይነት ነው። ማጭበርበር ላልሆነ ስህተት ጉምሩክ ወደኋላ አምስት ዓመት መጠየቅ ይችላል፤ ሂሳቡ ተዘግቷል የሚለው፣ በተለምዶ ከገባ 314 ቀን ገደማ ሲሆነው የሚዘጋው፣ የጎደለ ቀረጥ ከመጠየቅ አያድንም። ስለዚህ ማሳወቂያው የአንዱን ጭነት ብቻ አውጥቶ ሌሎቹን እንዳይደብቅ። የአምስቱን ዓመት ጭነቶች በአንድ ሠንጠረዥ ያውጡ፦ ቀን፣ የኢንቮይስ ዋጋ፣ ለብቻው የተላከ ገንዘብ፣ የቀረበ ጨርቅ፣ የጨርቁ ዓይነት። ድምሩ ከፍ ካለ፣ ወይም ቀብዱ ሆን ተብሎ ከኢንቮይሱ እንዲወጣ የተጻጻፉት ነገር ካለ፣ ከእኔ ዓይነቱ አስተላላፊ ጋር ሳይሆን የጉምሩክ ጠበቃ ጋር ይሂዱ፣ ያውም ደብዳቤው ከመላኩ በፊት።

ወደተያዘው ዕቃ ልምጣ። ዕቃው ለጉምሩክ ከቀረበ በኋላ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ይለቀቃል ወይም ይያዛል። ከተያዘ ምክንያቱን፣ ምን ምርመራ እንደሚደረግበትና ምን መረጃ ቢቀርብ እንደሚያፋጥነው የሚገልጽ ማስታወቂያ ይሰጣል። ያንን ወረቀት ከአስተላላፊዎ ይጠይቁ፤ «ተይዟል» የሚል የቃል ወሬ አይበቃም። ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው የጨርቁ ይዘት ነው፤ ናሙና ተቆርጦ ወደ ጉምሩክ ላቦራቶሪ ይላካል። ከቀረበ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠበት እንደተከለከለ ስለሚቆጠር ይግባኝ የማለት መብት ይከፈታል። ፋሲካ ግን ይግባኝ አይጠብቅም፤ ለበዓሉ የታዘዘ ቀሚስ ከትንሣኤ ማግስት ጀምሮ እስከሚቀጥለው ሰርግ ድረስ ዕቃ ቤት የሚቀመጥ ነው። በዚያ ላይ የመጋዘኑ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራል፣ የፍተሻው ወጪም የሚከፈለው በእርስዎ ነው። በቀሚሱ ላይ ከሚጨመረው ቀረጥ ይልቅ ይህ ሲበልጥ አይቻለሁ።

የሚያፋጥነው ይህ ነው። የቀረጥ ማጠቃለያው የሚገባው ዕቃው ከተለቀቀ በኋላ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ስለሆነ የዚህኛው ጭነት ስህተት ገና በወረቀት ላይ ሳይጸና ሊታረም ይችላል። ለአስተላላፊዎ ቀብዱንና ያቀበሉትን ጨርቅ ዛሬ በጽሑፍ ይንገሩት፤ ቀሚሶቹን በጨርቅ ዓይነት ከፍሎ በሁለት መስመር ይሙላቸው። የጨርቁን ይዘት የሚያሳይ የጨርቅ ሻጭ ደረሰኝ ካለ ለያዘው ባለሙያ ይላክ። ማጠቃለያው ቀድሞ ገብቶ ከሆነም ከገባ 300 ቀን ሳያልፍና ሂሳቡ ሊዘጋ 15 ቀን ሳይቀረው በእርማት ማስተካከል ይቻላል። ዕቃው ሲለቀቅ ደግሞ ናሙናው ላቦራቶሪ ከሆነ ሁሉንም ለደንበኛ አያድሉት፤ ከተለቀቀ በኋላም መልሰሽ አቅርቢ ሊባል ይችላል፣ ሸጠው ካላቀረቡት ለጉምሩክ ያስያዙት የዋስትና ቦንድ በዕቃው ዋጋ ልክ ሊጠየቅ ይችላል።

የሚቀጥለውን ትእዛዝ ከመላክዎ በፊት rulings.cbp.gov ላይ ጉምሩክ ለተመሳሳይ ቀሚሶች የሰጣቸውን የምደባ ውሳኔዎች ይፈልጉ፤ ሽፎን ቀሚስ፣ ጥጥ ቀሚስ እያሉ በእንግሊዝኛ ስማቸው ይመልከቱ። ለሚያጠራጥርዎ ድብልቅ ጨርቅ ናሙና ልከው የራስዎን ውሳኔ መጠየቅ ይችላሉ፤ ክፍያ የለውም፣ መልሱም በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከተሰጠዎ ወደቡ ሁሉ ይገደድበታል። ሰፊው ኢንቮይስ ሲጽፍ ደግሞ ከእንግዲህ እንዲህ ይጻፍልዎ፦ «በድርና ማግ የተሸመነ የሴት ቀሚስ፣ የውጭ ጨርቁ 100 በመቶ ፖሊስተር ሽፎን፣ በኢትዮጵያ የተሰፋ፣ 250 ፍሬ፣ አንዱ 50 ዶላር፣ ከዚህ ውስጥ ቀብድ 10 ዶላር ተከፍሏል፤ ሽፎኑ በገዢዋ የቀረበ፣ ዋጋው በዚህ ውስጥ የለም።» በዚህ ላይ የዱባዩን የጨርቅና የማጓጓዣ ደረሰኝ አያይዘው ለአስተላላፊዎ ይላኩለት፤ 60 ዶላሩን ለመሙላት የሚያስፈልገው ሁሉ እዚያ ላይ አለ።